«ሥራው ከበደን ከበደው»፦ ኮምፒውተር የእኛን ስም ለምን ይስታል?

እስቲ ይህችን ዓረፍተ ነገር አንብቧት፦ «ሥራው ከበደን ከበደው»። ወዲያው ገብቷችኋል። ሥራው የከበደው ከበደ ለሚባል ሰው ነው። አሁን የመጨረሻዋን ቃል አጥፏት። «ሥራው ከበደን» ብቻ ቀረ። ከበደ የሚባል ሰው ጠፋ፤ ሥራው የከበደው ለእኛ ሆነ። ፊደሉ አልተቀየረም፣ ግን ስም የነበረው ቃል ግስ ሆኗል።

ከጽሑፍ ውስጥ የሰው ስም ለቅሞ የሚያወጣ ሶፍትዌር በየቀኑ የሚጋፈጠው ይህንን ነው። በሙያው ቋንቋ ሥራው «ኔምድ ኢንቲቲ ሪኮግኒሽን» ይባላል። ሰርች ላይ፣ ዜና ማደራጀት ላይ ይጠቅማል። ከሁሉም የሚከብደው አጠቃቀም ግን ስም መደበቅ ነው። የሕክምና ወይም የፍርድ ቤት ጽሑፍ ለጥናት ከመሰጠቱ በፊት የሰዎቹ ስም መጥፋት አለበት። ሶፍትዌሩ ያላወቀው ስም ሳይደበቅ ይቀራል። ማለትም የሚጋለጠው ስሙ ለማሽኑ እንግዳ የሆነበት ሰው ነው።

እንዴት ነው የሚሠራው?

ሶፍትዌሩ ጽሑፉን ቃል በቃል ይከፋፍላል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ቃል ምልክት ይሰጣል። `B-PER` ማለት የሰው ስም እዚህ ይጀምራል ነው። `I-PER` ያው ስም ቀጥሏል ማለት ነው። `B-LOC` የቦታ ስም መጀመሪያ ሲሆን `O` ደግሞ ስም አይደለም ማለት ነው። ሁላችንም በምናውቃቸው ባለቅኔ እንሞክረው፦

```
ሎሬት    O
ጸጋዬ    B-PER
ገብረ    I-PER
መድኅን   I-PER
አምቦ    B-LOC
አቅራቢያ  O
ተወለዱ   O
```

ትክክለኛው መልስ ይህ ነው። ሞዴሉ እዚህ የሚደርሰው ሰዎች አስቀድመው ምልክት ካደረጉባቸው ብዙ ዓረፍተ ነገሮች ተምሮ ነው። ሁለት ነገር ያያል፦ ቃሉ ራሱ ስም ይመስላል ወይ? ዙሪያው ያሉት ቃላትስ ስለ ሰው ያወራሉ ወይ? «ሎሬት»፣ «አቶ»፣ «ወይዘሮ»፣ «ተወለዱ» ጥሩ ፍንጮች ናቸው።

በእንግሊዝኛ ሌላ ትልቅ ፍንጭ አለ፤ ስም በትልቁ ፊደል ይጀምራል። በግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር የለም። ከዚህ በላይ ደግሞ ስሞቻችን ራሳቸው ተራ ቃላት ናቸው፦ ሰላም፣ ተስፋ፣ ደስታ፣ አበበ፣ በቀለ። «ሰላም መጣ» ሲባል ጦርነት አበቃ ማለት ነው፤ «ሰላም መጣች» ሲባል ግን ሰው መጥታለች። ልዩነቱን የያዘችው «ች» ብቻ ናት።

የሚጣበቁት ፊደላት

«የ»፣ «ለ»፣ «በ»፣ «ከ» በአማርኛ ብቻቸውን አይቆሙም፤ ከስሙ ፊት ይለጠፋሉ። «ን» ደግሞ ከኋላ ይለጠፋል። ስለዚህ «የአልማዝ»፣ «ለአልማዝ»፣ «አልማዝን» ለማሽኑ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው።

«ታዲያ ቆርጦ መጣል ነዋ!» ትሉ ይሆናል። እንሞክር። «ከ»ን ስንቆርጥ ከበደ «በደ» ሆኖ ቀረ። «ለ»ን ስንቆርጥ ለማ «ማ» ሆነ። «ን»ን ስንቆርጥ ደግሞ ሰሎሞን «ሰሎሞ» ሆነ። ጭፍን መቁረጥ ስሙንም ይዞት ይሄዳል። ለዚህ ነው ቆራጩ የአማርኛን ሰዋስው ማወቅ ያለበት፤ ሲጠራጠርም የተቆረጠውንም ያልተቆረጠውንም ይዞ ዙሪያውን ማየት አለበት።

ሁለት ቃል፣ አንድ ስም

ወደ ጸጋዬ ገብረ መድኅን እንመለስ። ቃላቱ ሦስት ናቸው፣ ስሞቹ ግን ሁለት፦ ጸጋዬ የራሳቸው፣ ገብረ መድኅን የአባታቸው። ሞዴሉ «ጸጋዬ ገብረ» ላይ ቢያቆም «መድኅን» ውጭ ይቀራል። በተለመደው የውጤት አሰጣጥ ይህ ግማሽ ነጥብ አያሰጥም። ስሙ ሙሉ በሙሉ ካልተያዘ ዜሮ ነው።

ስም መደበቅ ላይ ስትወስዱት ችግሩ ይብሳል። «ታካሚዋ ወለተ ኪዳን ደም ተሰጣቸው» ከሚለው ውስጥ «ወለተ» ብቻ ቢደበቅ «ታካሚዋ ▇▇ ኪዳን ደም ተሰጣቸው» ይሆናል። ጎረቤት የሆነ ሰው ማንነታቸውን ወዲያው ይገምታል።

የፈረንጆቹን የቤተሰብ ስም ልማድ የተከተለ ሶፍትዌር ደግሞ የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጎ ይወስዳል። እኛ ጋ ሰውን የምንጠራው በራሱ ስም ነው። ዜናው ሁለተኛ ሲጠራቸው «ጸጋዬ» ይላል፣ ሶፍትዌሩ ግን «መድኅን» የሚባል ሰው እየፈለገ ይቀመጣል። አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ይመዘገባል።

አጻጻፉም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። «ኃይለ ሥላሴ»ን ውሰዱ። መጀመሪያው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ ሊሆን ይችላል፤ 6 አማራጭ። «ሥ» ወይም «ስ» ሲጨመር 12። ተነጣጥሎ ወይም ተያይዞ ሲጻፍ 24። «ኃ/ሥላሴ» የሚለውን አሳጥሮ መጻፍ ገና አልቆጠርነውም።

ለዚህ የሚረዱ ሁለት ዘዴዎች አሉ። አንደኛው፣ ስሞችን ሲያነጻጽሩ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ ማምጣት ነው፤ ዋናው ጽሑፍ ግን እንዳለ ይቀመጣል። ሁለተኛው፣ «ገብረ»፣ «ወልደ»፣ «ኃይለ»፣ «ተክለ» ሲመጣ ቀጣዩን ቃል አብሮ መያዝ ነው። ሁለተኛው ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ካልተጠነቀቅን «ተክለ ሰውነት» እና «ኃይለ ቃል» የሰው ስም ሆነው ያርፋሉ።

ማሽኑ አይቶት የማያውቀው ስም

ሞዴሉ የሚያውቀው የተማረበትን ነው። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው mBERT የተባለው ሞዴል ከ104 ቋንቋዎች ዊኪፔዲያ ተማረ፤ አማርኛ ግን ውስጡ አልነበረም። የግዕዝ ፊደል ሲያጋጥመው `[UNK]` ይላል፣ «አላውቀውም» እንደማለት። ከበደም አልማዝም ለእሱ አንድ ናቸው።

ማሳካኔ የተባለው የአፍሪካ ተመራማሪዎች ስብስብ እ.ኤ.አ. በ2021 ስም ምልክት የተደረገበት የ10 የአፍሪካ ቋንቋዎች ዳታ አውጥቷል፤ አማርኛ አንዱ ነው። ትልቅ እርምጃ ነበር። ሆኖም ጽሑፉ የተወሰደው ከዜና ነው። ዜና ላይ የሚደጋገመው የባለሥልጣንና የታዋቂ ሰው ስም ነው እንጂ ጤና ጣቢያ የሚመጣ ሰው ስም አይደለም።

አንድ ሶፍትዌር እንግዳ ስም ላይ መድከሙን ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ዓረፍተ ነገሩን ሳትነኩ ስሙን ብቻ ቀያይሩ፦ «___ ትናንት ሐኪም ቤት ሄደ»። አንዴ ሰሎሞን፣ አንዴ ቶሎሳ፣ አንዴ ሐጎስ፣ አንዴ ኦኬሎ፣ አንዴ ገብረ መድኅን፣ አንዴ ተስፋ አድርጉት። ዙሪያው አንድ ዓይነት ስለሆነ ሁሉንም መያዝ ነበረበት። ሰሎሞንን ይዞ ኦኬሎን ከሳተ፣ እያነበበ ያለው ዓረፍተ ነገሩን ሳይሆን የሸመደደውን የስም ዝርዝር ነው። ገብረን ይዞ መድኅንን ከጣለ ደግሞ ችግሩ የስሙ ድንበር ላይ ነው።

አንድ ድርጅት «የደንበኞቻችንን ስም ደብቀን ነው ዳታውን የምንሰጠው» ሲላችሁ መጠየቅ ያለባችሁም ይህንን ነው፦ በየትኞቹ ስሞች ሞከራችሁት?

እስከዚያው እንደ «ከበደ» ስምም ግስም የሚሆኑ ስሞች ካወቃችሁ ኮሜንት ላይ በዓረፍተ ነገር ጻፉልን። ማን የባሰውን ያመጣ ይሆን?