«በ60 ቀን እንከፍላለን» ላለ የውጭ ገዢ ምን ብሎ መመለስ ይሻላል?

አንድ የአዲስ አበባ ቡና ላኪ ከጀርመን ቡና ቆዪ ድርጅት ጋር በኢሜይል ሲደራደር ቆይቷል እንበል። የቡናው ደረጃ፣ መጠኑ፣ ዋጋውና የሚጫንበት ወር አልቋል። በመጨረሻ አንዲት አጭር ኢሜይል ትመጣለች፤ «በሁሉም ተስማምተናል። ክፍያው ቡናው መርከብ ላይ ከተጫነበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ወደ ሂሳባችሁ ይገባል። ካረጋገጣችሁልን ውሉን እንልካለን» ትላለች።

ለዚህች ኢሜይል ብዙ ላኪዎች ከሁለት አንዱን ይመልሳሉ። አንዱ «የእኛ አሠራር አይፈቅድም» ብሎ በአንድ መስመር ይዘጋዋል። ሌላው ገዢው እንዳያመልጠው ሰግቶ «እሺ» ይላል። የመጀመሪያው ገበያውን ሊያጣ ይችላል፣ ሁለተኛው ደግሞ ገንዘቡን። ሁለቱም የተጠየቁት ነገር ምን እንደሆነ ከፍለው ስላላዩት ነው እንዲህ የሚሆኑት።

ገዢው በአንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ነገር ጠይቋል። አንዱ ጊዜ ነው፤ ከፍሎ ለመጨረስ 60 ቀን ይፈልጋል። ሌላው አመኔታ ነው፤ ቡናውን ሳይከፍል ተረክቦ በቃሉ ብቻ እንዲጠበቅ ይፈልጋል። በእኛ አገር የቡና ንግድ የተለመደው መንገድ «ሲ ኤ ዲ» የሚባለው፣ ክፍያ በሰነድ ልውውጥ የሚፈጸምበት ነው። የመርከቡ የጭነት ሰነድ ከላኪው ባንክ ወደ ገዢው ባንክ ይሄዳል፤ ገዢው ገንዘቡን ካልከፈለ ሰነዱን አያገኝም፣ ያለ ሰነዱ ደግሞ ቡናውን ከወደብ አያወጣም። ገዢው በኢሜይሉ የጠየቀው ግን ሰነዱ በቀጥታ ለእርሱ እንዲላክ ነው። ስለዚህ ጊዜውን መስጠትና ሰነዱን መልቀቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተረዳ ላኪ አንዱን ሰጥቶ ሌላውን መያዝ ይችላል። ድርድሩ ሳይቋረጥ የሚቀጥለው በዚህ ክፍተት ነው።

ጊዜው ደግሞ ዋጋ አለው፣ ዋጋውም ይሰላል። ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ብዙ ጊዜ 60 ኪሎ የሚመዝኑ 320 ጆንያዎች ይይዛል፤ ይህም 19,200 ኪሎ ነው። አንዱ ኪሎ በ7 ዶላር ከተሸጠ ጠቅላላው 134,400 ዶላር ይሆናል። ላኪው ቡናውን የገዛው በዓመት 16 በመቶ ወለድ በተበደረው ገንዘብ ነው ብንል፣ ገንዘቡ 60 ቀን ሲዘገይ ወለዱ ወደ 3,535 ዶላር ይደርሳል፤ በኪሎ 18 ሳንቲም ገደማ ማለት ነው። ጀርመናዊው ከአገሩ ባንክ በ5 በመቶ መበደር ከቻለ ግን ያው ገንዘብ ለ60 ቀን የሚያስወጣው 1,105 ዶላር ገደማ፣ በኪሎ 6 ሳንቲም ያህል ነው። የወለድ መጠኑ ለምሳሌ የተወሰደ ቢሆንም ልዩነቱ ትልቅ ትምህርት አለው። ገዢው ጊዜውን ከላኪው ከሚገዛ ከራሱ ባንክ ቢገዛ ይረክሳል። ይህን ስሌት በትሕትና የጻፈ ላኪ እምቢ አላለም፤ ለሁለቱም የሚበጀውን አሳይቷል።

ስሌቱን ከመላክ በፊት ግን አንድ እርምጃ አለ፤ ብዙ ሰው የሚዘለውም እርሱን ነው። የተለየ ሐሳብ ከማቅረብ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል። ምክንያቱ ጨዋነት ብቻ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የእኛ ፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ዓለም አቀፉ የዕቃ ሽያጭ ስምምነትም ሆነ የእንግሊዝ ሕግ በመሠረቱ የሚሉት አንድ ነው፤ የቀረበን ሐሳብ ለውጦ የሚቀበል ሰው የመጀመሪያውን ሐሳብ እንደጣለና አዲስ እንዳቀረበ ይቆጠራል። የገዢው ኢሜይል ላይ ያለው የ7 ዶላር ዋጋ ከ60 ቀኑ ጋር የታሰረ ነው። «60 ቀን አይሆንም፣ በሲ ኤ ዲ ይሁን» ብሎ የጻፈ ላኪ ሳያስበው የ7 ዶላሩንም ሐሳብ አፍርሶታል። በዚያው ሳምንት የኒው ዮርክ የቡና ዋጋ ቢወርድ ገዢው በ7 ዶላር የመግዛት ግዴታ የለበትም።

ጥያቄ ግን እንዲህ አያደርግም። በ1880 እንግሊዝ ውስጥ የተወሰነ አንድ የብረት ንግድ ክርክር ይህን በደንብ ያሳያል። ሻጩ ማክሊን ለስቲቨንሰን ድርጅት ብረቱን ቶኑን በ40 ሽልንግ በእጅ በእጅ ክፍያ እንደሚሸጥና እስከ ሰኞ እንደሚጠብቅ ጻፈ። ገዢዎቹ ሰኞ ጠዋት በቴሌግራም፣ በዚያው ዋጋ ርክክቡ በሁለት ወር ውስጥ ቢሆን ይቀበል እንደሆነ፣ ካልሆነም እስከ ምን ያህል ጊዜ ሊሰጣቸው እንደሚችል ጠየቁት። ሻጩ ሳይመልስ ብረቱን ለሌላ ሸጠ። ገዢዎቹ ይህን ሳይሰሙ የመጀመሪያውን ሐሳብ ተቀበሉ። ፍርድ ቤቱ ቴሌግራሙ ጥያቄ እንጂ አዲስ ሐሳብ ስላልሆነ የመጀመሪያው ሐሳብ አልሞተም ሲል ለገዢዎቹ ፈረደ። ዛሬ በኢሜይል የሚደረገው የክፍያ ድርድር ከዚያ ቴሌግራም ብዙም አይለይም።

ስለዚህ የላኪው የመጀመሪያ ኢሜይል ጥያቄ ብቻ ይሁን። በዚያው የደብዳቤ ልውውጥ ላይ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፤ «ስለ መልሳችሁ እናመሰግናለን። በደረጃው፣ በመጠኑ፣ በዋጋውና በጭነቱ ወር መስማማታችን አስደስቶናል። ከመመለሳችን በፊት አንድ ነገር ልንረዳ እንፈልጋለን። 60 ቀኑ ያስፈለጋችሁ ቡናውን አይታችሁ ለማረጋገጥ ነው ወይስ ከገንዘብ አዟዟራችሁ ጋር የተያያዘ ነው? በክፍያው አፈጻጸም ላይ ሌላ መንገድ ለማየትስ ዕድል አለ?» እዚህ ውስጥ እምቢታም የለም፣ እሺታም የለም። «በመርሕ ደረጃ እንስማማለን» የሚል ቃልም መግባት የለበትም፤ ኋላ እንደ ቃል ኪዳን ይጠቀስበታልና።

መልሱ ብዙ ጊዜ መንገዱን ያሳያል። የእኛ ገዢ እንዲህ መለሰ እንበል፤ ከሌላ ሻጭ የገዛው ቡና ከናሙናው ተለይቶበት ያውቃል፣ ደግሞም ቡናው ባሕር ላይ እያለ መክፈል ይከብደዋል። አሁን ሁለት ስጋት ተለይቶ ታውቋል። የጥራቱ ስጋት የሚፈታው በክፍያ ጊዜ ሳይሆን በናሙና ነው። ላኪው ለመጫን ከተዘጋጀው፣ በጆንያ ከታሸገው ቡና ላይ ናሙና አውጥቶ ከጭነት በፊት ይልካል፤ ገዢው ቀምሶ ካላጸደቀው አይጫንም። የባሕር ላይ ጊዜው ስጋት ደግሞ የሚፈታው በሲ ኤ ዲ ውስጥ ነው። ሰነዱ በፖስታ አመላላሽ ከመርከቡ ቀድሞ ይደርሳል። በተለመደው አሠራር ሰነዱ ባንክ እንደቀረበ ገዢው ይከፍላል። ላኪው ግን «ክፍያው መርከቡ ሲደርስ ይሁን» ቢል ገዢው ሳምንታት ያገኛል፤ ሰነዱም ከባንኩ እጅ አይወጣም። መርከብ ሊዘገይ ስለሚችል የመጨረሻ ቀን አብሮ መጻፍ የግድ ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ትክክለኛው የአጸፋ ኢሜይል የሚጻፈው። ከመላኩ በፊት ግን ላኪው ባንኩን ይጠይቅ። የወጪ ንግድ ፈቃዱ የሚሰጠው ባንክ ነው፣ የውጭ ምንዛሪው በቀነ ገደብ እንዲገባም የሚከታተለው እርሱ ነው፤ ባንኩ የማይቀበለውን የክፍያ መንገድ ለገዢ ማቅረብ በኋላ ቃል ማጠፍን ያስከትላል። ኢሜይሉ ይህን ይመስላል፦

«የተስማማንባቸው ነጥቦች እንዳሉ ናቸው፤ የቀረው ክፍያው ብቻ ነው። ሁለት አማራጭ እናቀርባለን። አንደኛ፣ ዋጋው ኪሎው በ7 ዶላር እንደሆነ ይቆይና ክፍያው በሲ ኤ ዲ መርከቡ ወደብ ሲደርስ፣ ቢዘገይ ግን ከጭነቱ ቀን በ45 ቀን ውስጥ ይሁን። ከጭነት በፊት ናሙና ልከን ማጽደቃችሁን እንጠብቃለን። ሁለተኛ፣ 60 ቀኑ ለእናንተ የግድ ከሆነ፣ ባንካችን በሚቀበለው ባንክ በተከፈተና ከጭነቱ ቀን በ60ኛው ቀን በሚከፈል ኤል ሲ እንሸጣለን። በዚህ መንገድ ዋጋው ኪሎው በ7 ዶላር ከ18 ሳንቲም ይሆናል፤ ልዩነቱ የገንዘቡ ወለድ ብቻ ነው። ከባንካችሁ የምትበደሩበት ወለድ ከዚህ ካነሰ የመጀመሪያው ይረክስላችኋል። ይህ ሐሳብ የሚጸናው እስከ ረቡዕ በአዲስ አበባ ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 11 ሰዓት ነው። የትኛው ይሻላችኋል?»

በፈረንጅ ቋንቋ ሲጻፍ 11 ሰዓቱ በእነርሱ አቆጣጠር 17 ሰዓት መሆኑ አይዘንጋ። የቀን ገደቡ ማስፈራሪያ አይደለም፤ የቡና ዋጋ በየቀኑ ስለሚለዋወጥ ማንም ገዢ ይረዳዋል። ሁለት አማራጭ መቅረቡም ጥያቄውን «ይሁን ወይስ ይቅር» ከሚለው ወደ «የቱ ይሁን» ያዞረዋል። ሦስተኛና አራተኛ አማራጭ መደርደር ግን ላኪው ገና ብዙ የሚለቀው ነገር እንዳለው ያስመስላል።

መልሱ ሲመጣ ቃላቱ በጥንቃቄ ይነበቡ። «ሲ ኤ ዲ እንቀበላለን፣ ነገር ግን በባንክ የሚሄደው የሰነዱ ቅጂ ይሁን፣ ዕቃውንም መርከብ ድርጅቱ ያለ ዋናው ሰነድ ይልቀቅልን» የሚል ከመጣ ስሙ ብቻ ሲ ኤ ዲ ሆነ እንጂ መያዣው ቀርቷል። «ሰነዱ ሐዋላውን በፊርማችን ስንቀበል ይለቀቅ» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ በላኪው እጅ የሚቀረው የገዢው ፊርማ እንጂ ገንዘብ አይደለም፣ የገዢው ባንክ በዋስትና ካልፈረመበት በቀር። ሲ ኤ ዲም ቢሆን ገደብ አለው። ገበያው ወርዶ ገዢው ሰነዱን አላነሳም ቢል ቡናው ወደብ ላይ የማከማቻ ኪራይ እየቆጠረ ይቀመጣል። ለአዲስ ገዢ የተወሰነ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅ ይህን ኪሳራ ለመሸፈን ይረዳል።

ረቡዕ አልፎ መልስ ካልመጣስ? ላኪው በራሱ ላይ ዋጋ አይቀንስ። «የሰጠነው ዋጋ ጊዜው አልፏል፤ አዲስ ዋጋ እንድንልክላችሁ ትፈልጋላችሁ?» የሚል ሁለት መስመር ይበቃል። በዚህ ሁሉ ልውውጥ ውስጥ የባንክ ሂሳብ ቁጥር በኢሜይል እንዳይለወጥ ለገዢው ቀድሞ ይነገር። የኢሜይል ሌቦች የሚጠብቁት የክፍያ ንግግር የሚጋጋልበትን ይህንኑ ሰዓት ነው። ለውጥ የሚል መልእክት ከደረሰው በሚያውቀው ስልክ ደውሎ ያረጋግጥ።

መርከቡ ሲደርስ መክፈልንም፣ 60 ቀኑን በባንክ ዋስትና ማግኘትንም አልቀበልም ያለ ገዢ የሚፈልገው ጊዜ አልነበረም፤ ያለ ምንም መያዣ ቡናውን መውሰድ ነበር። ለእንዲህ ያለ ገዢ የመጀመሪያውን ኮንቴይነር አትሽጡ።