ያገለገለ መኪና በወር ስንት ይበላል?

ያገለገለች ቪትዝ የገዛ ሰው መኪናዋ በወር ስንት እንደምታስወጣው ሲጠየቅ የሚናገረው የቤንዚኑን ነው። የሚያሳስበኝም ይሄው ነው፤ ጎማው በየቀኑ ያልቃል፣ ሂሳቡ ግን ከሦስት ዓመት በኋላ በአንድ ቀን ይመጣል።

ስለዚህ በኪሎ ሜትር ማስላት ይሻላል። በወር 1,000 ኪሎ ሜትር ይነዳሉ እንበል። አራት ጎማ 40,000 ብር ቢያወጣና 40,000 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል፣ ጎማ ብቻ በወር 1,000 ብር ይወስዳል። ዘይትና ፊልትሮ መቀየር በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ 6,000 ብር ከጠየቀ፣ የወር ድርሻው 1,200 ነው። የፍሬን ሸራም እንደዚሁ ይሰላል። ኢንሹራንስና ቦሎ ግን መኪናዋ ብትቆምም አይቀሩምና የዓመቱን ለ12 ያካፍሉ።

ቤንዚኑንም ቢሆን በግምት አይያዙት። ፉል ያስሞሉና የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ይመዝግቡ፤ እንደገና ፉል ሲያስሞሉ የገባውን ሊትር ከተነዳው ርቀት ጋር ያስተያዩ። 400 ኪሎ ሜትር ተነድቶ 32 ሊትር ከገባ፣ ለ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር፣ ለወሩ 80 ሊትር ማለት ነው። መንገድዎና አነዳድዎ ሳይለወጥ ይህ 8 ወደ 10 ካደገ፣ ካንዴላው፣ የአየር ፊልትሮውና የጎማው ነፋስ ይታይ።