አራት እና አምስት

በፒታጎራስ ስም በሚጠራው የቁጥር ቆጠራ የልደት ቀን፣ ወርና ዓመት አኃዝ በአኃዝ እየተደመረ አንድ አኃዝ እስኪቀር ይወርዳል። የተገኘው «የሕይወት መንገድ» ቁጥር ነው። ቆጣሪዎቹ አራት ሥርዓትና ጽናት ነው፣ አምስት ነፃነትና ለውጥ ነው ይላሉ፤ ሁለቱ አንድ ቤት ውስጥ አይስማሙም ተብሎ ይታመናል። ጉዳዩን በልብ ወለድ ላሳየው።

ሂሩትና ዳዊት ሜሪላንድ ውስጥ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ አፓርታማ በጋራ ተከራዩ። ከዚያ በፊት አይተዋወቁም። ሂሩት ነሐሴ መግቢያ ላይ የተወለደች ናት፤ መታወቂያዋ ላይ እ.ኤ.አ. 4/8/1990 ይላል። 4+8+1+9+9+0 = 31፣ 3+1 = 4። የዳዊት 7/1/1986 ነው፤ ድምሩ 32፣ እሱም 5።

«እርስዎ አምስት ነዎት፤ ይከብደናል» አለችው በመጀመሪያው ሳምንት፣ የወጥ ቤት ተራ የጻፈችበትን ወረቀት ማቀዝቀዣው ላይ እየለጠፈች። ዳዊት ተራውን አላከበረም። ሌሊት ስምንት ሰዓት ገብቶ ሽንኩርት ያቁላላል፤ ሽታው ይቀሰቅሳታል። ቁጥሩ እውነት ነው ብላ አመነች።

አንድ ሌሊት ግን ተነሥታ ጠየቀችው። ታክሲ ይነዳል፤ አውሮፕላን ሲዘገይ መንገደኛ ይጠብቃል፣ የሚገባበትን ሰዓት አያውቅም። እሷም ሆስፒታል የምትገባው ንጋት ላይ መሆኑን ነገረችው። ከዚያ ወዲህ እሱ ቀን ሠርቶ የሚያስቀምጠውን ወጥ ሌሊት ያሞቃል፤ እሷ ደግሞ ተራው ባይደርስም ምጣዱን ትለቅለታለች። «እርስዎ» ቀርቶ «አንተ»፣ «አንቺ» ሆነ።

በገና ሰሞን፣ «እኔ እኮ የገና ዕለት ነው የተወለድኩት፤ ታኅሣሥ 29 ቀን 1978» አላት። ሂሩት እስክሪብቶ አነሣች። 2+9+4+1+9+7+8 = 40፤ አራት! የራሷንም አሰላች። ሐምሌ 28 ቀን 1982፤ ድምሩ 32፣ አምስት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። በሁለቱ ዘመን አቆጣጠሮች መካከል ዓመቱ በሰባት ወይም በስምንት ይለያያል፤ ቀኑና የወሩ ተራም አይገጥሙም። ልደቱ ያው፣ እናቱም ያቺው፣ ቁጥሩ ግን ሌላ ነው። ለእኔ የዚህ ቆጠራ ትልቁ ድክመት ይህ ነው፤ የሚለካው ሰውየውን ሳይሆን ቀኑ የተጻፈበትን አቆጣጠር ነው። በሌላ በኩል፣ ግጭቱ ራሱ አልጠፋም፤ አሁንም አራትና አምስት ናቸው፣ ቦታ ተለዋወጡ እንጂ።

«እንግዲያው ሥርዓተኛው አንተ ነህ» አለች ሂሩት፣ ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው ላይ አንሥታ እየሰጠችው። «የሚቀጥለውን ወር ተራ አንተ ጻፈው።»

ዳዊት ጻፈ። የሂሩትን የንጋት ፈረቃዎች አስቀድሞ አሰፈረ፤ የራሱን ግን ባዶ ተወው።