ኤልሲ ተከፈተ ማለት ገንዘቡ ገባ ማለት አይደለም

እዚህ ጌጃ ሰፈር አዲስ ላኪዎች «ኤልሲው ኢሬቮከብል ስለሆነ ክፍያው የተረጋገጠ ነው» ሲሉኝ እሰጋለሁ። የባንክ የውጭ ንግድ ባለሙያ ነኝና ላስረዳ።

ኢሬቮከብል ማለት ያለ እናንተ ስምምነት አይሰረዝም፣ አይሻሻልም ማለት ነው። በዩሲፒ 600 ደንብ ቃሉ ባይጻፍም ኤልሲው የማይሻር ነው። ባንኩ የሚከፍለው ግን ሰነዳችሁ ከኤልሲው ጋር ሲስማማ ብቻ ነው።

የገዢው ባንክ ካላስተማመናችሁ ኮንፈርሚንግ ባንክ እንዲገባ ጠይቁ። በኮሚሽን የራሱን የክፍያ ግዴታ ይጨምርላችኋል። ኤልሲው መድረሱን ብቻ የሚያሳውቃችሁ ባንክ ይህ ግዴታ የለበትም።

ብዙ ሰው የሚሰናከለው ግን በሰነድ ማቅረቢያ ጊዜ ነው። ሰሊጣችሁ ጅቡቲ ላይ ማርች 1 ተጫነ እንበል። ኤልሲው ሌላ ካላለ 21 ቀን፣ ማለትም እስከ ማርች 22 አላችሁ። ኤልሲው ራሱ ማርች 18 የሚያበቃ ከሆነ ግን የመጨረሻ ቀናችሁ 18 ነው! ቢል ኦፍ ሌዲንጉ ማርች 15 እጃችሁ ቢገባ፣ ስህተት ለማረም የቀራችሁ ሦስት ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ቀኖቹ ከጠበቡ ዕቃው ሳይጫን ገዢው እንዲያሻሽል ጠይቁት።

ያልገባችሁ ካለ ከታች ጻፉልኝ፤ እመልሳለሁ።