የወለል አርማታ ሒሳብ፦ ገንዘቡ የሚሄደው በውፍረቱ ነው

ትንሽ ቤት የሚያሠራ ሰው ወለሉ ሊሞላ ሲቃረብ ግንበኛውን የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ስንት ሲሚንቶ ይበላል? ግንበኛው ወለሉን በዓይኑ ቃኝቶ ቁጥር ይነግረዋል። ያ ቁጥር ከልምድ የመጣ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ አይርቅም። ሆኖም ባለቤቱ ከየት እንደተገኘ ስለማያውቅ ሲሚንቶ ጎደለ ሲባል ለምን እንደጎደለ አይገባውም፣ ሲተርፍም ወለሉ ሳስቶ እንደሆነ አይጠረጥርም። ሒሳቡ ግን ማባዛትና ማካፈል ለሚችል ሰው ሁሉ የሚከብድ አይደለም።

ከውጭ 6 በ7 ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው 20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት የሆነ ቤት እንውሰድ። አርማታው የሚፈሰው በግድግዳዎቹ መካከል ከሆነ ወለሉ 5.6 በ6.6 ሜትር ማለት ነው፤ ወደ 37 ካሬ። ሥሩ ተጠቅጥቆ ድንጋይ ተነጥፏል፣ ሃርድኮር የምንለው፤ በላዩ 10 ሴንቲ ሜትር አርማታ ይፈስበታል። ሠላሳ ሰባቱን በ0.10 ስናባዛ 3.7 ሜትር ኩብ ይመጣል። በድንጋዮቹ መካከል ለሚሰርገውና ሲቦካና ሲጓጓዝ ለሚባክነው አንድ አሥረኛ እንጨምር፤ ወደ 4.1 ሜትር ኩብ ይሆናል።

ቀጥሎ ይህ አርማታ ስንት ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር እንደሚበላ እንይ። እዚህ ላይ ከሠንጠረዥ ይልቅ ከአንድ ከረጢት መነሳት ይሻላል። ሃምሳ ኪሎው የሲሚንቶ ከረጢት ሲፈታ ወደ 35 ሊትር ቦታ ይይዛል። በየሠፈሩ የሚሠራው የእንጨት መስፈሪያ ሳጥን ከውስጥ 50 በ40 ሆኖ ከፍታው 18 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 36 ሊትር ይይዛል፤ ስለዚህ አንድ ሳጥን ከአንድ ከረጢት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ለወለል አርማታ የተለመደው አንድ ለሁለት ለሦስት ነው፦ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። ይህ ሁሉ ተደምሮ 215 ሊትር ቢሆንም ተቦክቶ ሲወጣ ወደ 140 ሊትር ይወርዳል፤ አሸዋው በጠጠሩ መካከል፣ ሲሚንቶው ደግሞ በአሸዋው መካከል ስለሚገባ ነው። አንድ ከረጢት 140 ሊትር አርማታ ከሰጠ አንድ ሜትር ኩብ ከ7 ከረጢት ትንሽ የሚበልጥ ይፈልጋል። የእኛ 4.1 ሜትር ኩብ እንግዲህ 29 ከረጢት ተኩል ገደማ ይበላል፤ 30 እንበለው። ሠላሳ ከረጢት ማለት 60 ሳጥን አሸዋ፣ 90 ሳጥን ጠጠር ነው። በሜትር ኩብ ሲመለስ አሸዋው 2.2፣ ጠጠሩ 3.2 ገደማ ይሆናል።

ሳጥኑን ራሳችሁ ለኩት። አናጺው ለመሥራት ቀለል ይለኛል ብሎ ከፍታውን 20 ሴንቲ ሜትር ካደረገው ሳጥኑ 40 ሊትር ይይዛል፤ አሸዋውና ጠጠሩ ከታሰበው ከአንድ አሥረኛ በላይ ይጨምራሉ፣ ሲሚንቶው ግን ያው አንድ ከረጢት ነው። አርማታው የደከመበትን ምክንያት ማንም ሳያውቅ ደከመ ማለት ነው። ሳጥኑ ሲሞላም አፉ በቀጥ ያለ እንጨት ይጠረግ፤ ቁልል ሳጥን ልክ የለውም።

ሲሚንቶ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። ነጋዴው ዋጋ የሚናገረው በኩንታል ነው፤ ከመኪና የሚወርደው ግን ሃምሳ ኪሎ ከረጢት ነው። የእኛ 30 ከረጢት 15 ኩንታል ነው። ስልክ ላይ «ሠላሳ» ብቻ ብሎ ያዘዘ ሰው የሚፈልገውን እጥፍ ሊያገኝ ይችላል፤ የተረፈው ሲሚንቶ ደግሞ እርጥበት ባለበት ቦታ ከቆየ እየጓጎለ ይበላሻል።

አሸዋው የራሱ ጠባይ አለው። በትንሹ የረጠበ አሸዋ ያብጣል፤ በቅንጣቶቹ ዙሪያ የሚይዘው ስስ ውኃ እርስ በርስ ስለሚያራርቃቸው ሳጥኑ የሞላ ይመስላል እንጂ ውስጡ ያለው አሸዋ ከአምስት እጅ አንድ ያህል ሊያንስ ይችላል። ዝናብ ባካፈበት ማግስት ሲቦካ ሁለቱ ሳጥን ሁለት አይደሉም። አንድ ቦይ የሚሰጠው አርማታ ይቀንስና ሲሚንቶው ሳይታሰብ ያልቃል። ከዚያ ሌላ ከመሬት ጋር ተቀላቅሎ የሚቀረው የታችኛው አሸዋ አለ። ስለዚህ ለ2.2 ሜትር ኩብ 2.5 ማስመጣት ተገቢ ነው። ጠጠር አያብጥም፤ ለ3.2 ሜትር ኩብ 3.5 ይበቃል። ለወለል የሚመቸው በገበያ ዜሮ ሁለት የሚባለው ጠጠር ነው።

አሸዋ ሲራገፍ ሊታይ የሚገባው ሁለት ነገር ነው፤ ንጽሕናውና መጠኑ። ንጽሕናውን ለማወቅ አንድ እፍኝ ከጥቂት ጨውና ውኃ ጋር በግልጽ ጠርሙስ ውስጥ በደንብ አናውጡና ለሁለትና ሦስት ሰዓት አስቀምጡት። አሸዋው ከታች ይቀመጣል፣ ደቃቁ ጭቃ ከላይ ይንጠለጠላል። በአገራችን ደረጃ ጭቃው ከ6 በመቶ ካለፈ አሸዋው መታጠብ ወይም መመለስ አለበት፤ አሸዋው 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ጭቃው ከ6 ሚሊ ሜትር አይብለጥ ማለት ነው። መጠኑን በተመለከተ የሹፌሩን «ይህን ያህል ሜትር ኩብ ነው» ከመቀበል የመኪናውን ሳንዱቅ መለካት ይሻላል። ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 2 ሜትር ከሆነና በአራቱ ማዕዘንና በመካከሉ ዘንግ አስገብታችሁ አማካይ ጥልቀቱ 50 ሴንቲ ሜትር ከሆነ የመጣላችሁ 4 ሜትር ኩብ ነው፤ በ5 ሒሳብ ከከፈላችሁ ዋጋው በአራት እጅ አንድ ጨምሮባችኋል። ለእኛ 2.5 ሜትር ኩብ ብቻ ስለሚያስፈልግ አንድ ትልቅ ቢያጆ ከጎረቤት ጋር መካፈል ወይም ለልስንና ለግንብ የሚሆነውንም አንድ ላይ ማስመጣት ያዋጣል።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የሲሚንቶ ዋጋ ከሳምንት ሳምንት ስለሚለዋወጥ ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ለማስያ ብቻ የተቀመጡ ናቸው፤ አንባቢ የየአካባቢውን ዋጋ ይተካበት። ሲሚንቶው በኩንታል 2,400 ብር ከሆነ 15 ኩንታሉ 36,000 ይሆናል። አሸዋው በሜትር ኩብ 2,500 ቢሆን 6,250፣ ጠጠሩ በ2,000 ቢታሰብ 7,000 ይመጣል። ዕቃው ብቻ 49,250 ብር ነው። ለአንድ ቀን ሚክሰር ኪራይ 4,000፣ ለዘጠኝ የቀን ሠራተኛ በ700 ሒሳብ 6,300፣ ለሁለት ግንበኛ 3,000፣ ለውኃ 1,500 ብር እንጨምር። አጠቃላዩ 64,050 ብር፣ በካሬ ወደ 1,730 ብር ይሆናል። የሃርድኮሩ ድንጋይ፣ ብረት ወይም መረብ ካለ እሱ፣ ከላይ የሚመጣው ልስን ወይም ሴራሚክ እዚህ ውስጥ አልገቡም።

ከዕቃው ወጪ ከአራት እጅ ሦስት ያህሉ ሲሚንቶ መሆኑን ልብ በሉ። ባለቤቱ ግን ብዙ ጊዜ ግማሽ ቀን የሚከራከረው በአሸዋ ዋጋ ነው። ከአሸዋው በሜትር ኩብ 200 ብር ቢያስቀንስ የሚያተርፈው 500 ብር ነው። በአንጻሩ የወለሉ ውፍረት በአማካይ ከ10 ወደ 12 ሴንቲ ሜትር ከጨመረ፣ ማለትም የአንድ ጣት ወርድ ያህል፣ ትርፉ ሙሌት 0.74 ሜትር ኩብ ይሆናል። ያ ብቻ ከአምስት ከረጢት በላይ ሲሚንቶ ይበላል፤ ከአሸዋውና ከጠጠሩ ጋር ወደ 8,400 ብር ይደርሳል። ይህን ገንዘብ ማንም ሲያወጣው አይታይም፤ ከድንጋዩ መካከል ገብቶ ይቀራል።

ስለዚህ አርማታ ከመታዘዙ በፊት የሚሠራው ዋና ሥራ ሃርድኮሩን መለካት ነው። በውኃ ልክ የወለሉ የመጨረሻ ከፍታ በአራቱም ግድግዳ ላይ ይመልከት፣ በምልክቱ ላይ ሲባጎ ከግድግዳ ግድግዳ ይወጠር፣ ከዚያ በየሜትሩ ከሲባጎው እስከ ድንጋዩ ያለው ርቀት በሜትር ይለካና ይጻፍ። አንዱ ቦታ 9፣ ሌላው 15 ሊወጣ ይችላል። ሁሉንም ደምሮ በቁጥራቸው ማካፈል እውነተኛውን ውፍረት ይሰጣል፤ ሒሳቡ መሠራት ያለበት በዚህ ቁጥር እንጂ በወረቀት ላይ ባለው 10 አይደለም። አማካዩ 12 ከመጣ ደግሞ መፍትሔው ሲሚንቶ መጨመር አይደለም። ጉብ ያሉት ድንጋዮች በመዶሻ ይመቱ፣ ጎድጓዳው በደቃቅ ጠጠር ወይም በገረጋንቲ ተሞልቶ በደንብ ይጠቅጠቅ። የዚህ ሥራ ዋጋ ከአርማታው ጋር አይነጻጸርም። ከላዩ ፕላስቲክ ቢዘረጋበት የሲሚንቶው ውኃ ወደ ታች አይሰርግም።

የሙሌቱ ዕለት ለአንድ ከረጢት የሚበቃው ውኃ ከ25 እስከ 28 ሊትር ነው። አሸዋው ከረጠበ ከዚያ ይቀነሳል። አርማታው በአካፋ እንዲንሸራተት ብለው ሠራተኞች ውኃ ሲጨምሩ ሥራው ይፈጥናል፣ ወለሉ ግን ከደረቀ በኋላ ላዩ ይቦንናል፣ ቶሎም ይሰነጠቃል። በባልዲ ቆጥሮ የሚጨምር አንድ ሰው ሚክሰሩ አጠገብ መመደብ ለዚህ ይበጃል። ለ30 ከረጢቱ አራት በርሜል ያህል ውኃ ለማቡካት ይሄዳል፤ ወለሉን ቢያንስ ለሰባት ቀን ለማጠጣትና ዕቃ ለማጠብ ሌላ ተጨምሮ ይዘጋጅ።

ሥራው በሒሳቡ መሠረት እየሄደ መሆኑን ለማወቅ ማምሻውን መጠበቅ አያስፈልግም። ሠላሳው ከረጢት 37 ካሬ ሊሞላ ከሆነ አሥረኛው ባዶ ከረጢት ሲቆጠር 12 ካሬ ገደማ መሞላት አለበት። በአሥሩ የተሞላው 10 ካሬ ብቻ ከሆነ ወይ ሃርድኮሩ ጠልቋል ወይ አሸዋው አብጧል፤ ሙሌቱ ባልደረሰበት በኩል ከሲባጎው እስከ ድንጋዩ ድጋሚ ለክታችሁ የሚጎድለውን ከረጢት ያን ጊዜ ማስመጣት ይቻላል። 15 ካሬ ሞልቶ ከተገኘ ደግሞ ወለሉ ሳስቷል ወይም ሳጥኑ ተቆልሎ ይሰፈራል፤ አንድ ሽቦ እስከ ድንጋዩ ወግቶ ማውጣት የትኛው እንደሆነ ይናገራል። ሲሚንቶው በእርግጥ ካለቀና ሌላ የማይደርስ ከሆነም አርማታው በየትም ሳስቶ እንዳያልቅ በበር መስመር ላይ ሳንቃ ቁሞ ጠርዙ ቀጥ ብሎ ይቆረጥ፤ ቀሪው ክፍል በነጋታው ይሞላል።