በተውሶ አካፋ፣ በግንቦት ቅዳሜ

ባደግሁበት ሰፈር የወጣቶች ክበባችን አንድ ዓመት ሰኔ መግቢያ ላይ የጎርፍ መውረጃውን ቦይ ጠረገ። ሃያ የምንሆን ልጆች ከጠዋት እስከ ቀትር ቆፈርን። እናቶች ቆሎና ሻይ አወጡልን። ጭቃውን ከቦዩ ዳር ዳሩን ከምረን፣ ተመርቀን ወደየቤታችን ገባን። በሳምንቱ የጣለው ዝናብ ያንን ክምር አጥቦ መልሶ ቦዩ ውስጥ ከተተው፤ ከታች በኩል ያሉት ቤቶች እንደ ዓምናው ውሃ ገባባቸው። ጉልበት አላነሰንም፣ ገንዘብም አላነሰንም። የጎደለን ጭቃውን የሚያነሳ መኪና አስቀድሞ ለምኖ ቀን የቆረጠ ሰው ነበር።

ዛሬ የሰፈር ክበብ ያላቸው ወጣቶች ያለ በጀት ምን መሥራት እንችላለን ብለው ሲጠይቁኝ ያንን ጭቃ አስታውሳለሁ። የምመክራቸው ሥራ ሁለት ነው፤ አንዱ የግንቦት፣ ሌላው የሐምሌ። ሁለቱም በብር ሳይሆን በተውሶ የሚሠሩ ናቸው።

ተውሶው ከእድር ይጀምራል። አብዛኛው የሰፈር እድር ከድንኳኑና ከወንበሩ ጋር አካፋ፣ ዶማና ዲጂኖ ያስቀምጣል። ሰብሳቢው ለልጆች አላበድርም ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ ከዚህ በፊት ሄዶ ያልተመለሰ አካፋ ይኖራል። ስለዚህ የክበቡ አንድ ሰው ዕቃውን ቆጥሮ በወረቀት ይፈርም፣ ዕቃውም በዚያው ቀን ታጥቦ ይመለስ። በዚህ ዓይነት ሁለት ጊዜ የመለሰ ክበብ ሦስተኛውን ጊዜ ፊርማ አይጠየቅም።

ከዚያ ቦዩን መለካት ነው። ሜትር የሌለው ክበብ ከሰፈሩ አናጢ ወይም ልብስ ሰፊ ይዋስ። ርዝመቱን፣ ስፋቱንና የደለሉን ጥልቀት ይዞ ማባዛት ብቻ በቂ ነው። 80 ሜትር ርዝመት ያለው፣ 40 ሳንቲ ሜትር የሚሰፋና 30 ሳንቲ ሜትር ደለል የተኛበት ቦይ እንውሰድ። ውስጡ 10 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ጭቃ አለ ማለት ነው፤ እርጥቡ ሲመዘን ከ15 ቶን አያንስም። አንድ መለስተኛ አይሱዙ ሦስት ጊዜ ይመላለስበታል። ይህን ቁጥር የያዘ ልጅ ወረዳው ጽዳት ክፍል ሲገባ «ትብብር እንፈልጋለን» አይልም፤ «በግንቦት ሦስት ቅዳሜዎች ከረፋዱ 5 ሰዓት አንዳንድ ምልልስ መኪና ይመደብልን» ይላል። እንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው፤ ምክንያቱም ኃላፊው የሚፈቅደው ነገር መጠኑም ቀኑም ታውቋል። መኪናው በቃል ተስፋ ብቻ ከሆነ ግን አካፋ አታንሱ። ቦዩ ውስጥ የተኛ ደለል ዳር ላይ ከተከመረው ይሻላል፤ የተከመረው መንገድም ይዘጋል፣ ቦዩንም መልሶ ይሞላል።

ለምን ሦስት ቅዳሜ? ስድስት አካፋ ካለ፣ ሃያው ሰው እየተፈራረቀ በአንድ ጠዋት ሦስት ሜትር ኩብ ያህል ያወጣል። ይህ ከላይ በተጠቀሰው ቦይ 25 ሜትር ርዝመት ነው። በሦስት ቅዳሜ 75 ሜትር ያልቃል፤ የቀረው አምስት ሜትርና ሙከራው ለአራተኛው ቅዳሜ ይተዋል። ሁሉን በአንድ ቀን ልጨርስ ያለ ክበብ ከቀትር በኋላ ሰው ያልቅበትና ግማሹን ትቶ ይሄዳል። ሥራው ግንቦት ላይ መሆኑም በምክንያት ነው፦ የበልጉ ዝናብ ጋብ ብሏል፣ ዋናው ክረምት ደግሞ አልገባም።

ቁፋሮው ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ነው። ብዙ ሰው ከደጁ መጀመር ስለሚወድ ይህ ያከራክራል። ነገር ግን የላዩ ከተከፈተና የታቹ ከተዘጋ፣ አንድ ዝናብ ቢያካፋ ውሃው በፍጥነት ወርዶ ከታች ያሉት ቤቶች ውስጥ ይገባል። የላዩን ጎረቤት አስቀድሞ ማስረዳት የክበቡ ሰብሳቢ ሥራ ነው።

ቦዩ ክዳን ካለው ጥንቃቄ ይጨምራል። ስድሳ በሃምሳ ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ አሥር ሳንቲ ሜትር የሚወፍር የኮንክሪት ክዳን ከ70 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በዲጂኖ ከአንድ ወገን ፈልቅቆ፣ ሥሩ እንጨት አስገብቶ፣ ለአራት ማንሳት እንጂ ሁለት ልጆች በጣት አይሞክሩትም። ሰው የሚገባበት ጥልቅ ጉድጓድ ወይም ዝግ ቱቦ ካለ ደግሞ ማንም አይግባ። እዚያ ውስጥ የሚታመቀው ጋዝ ሰውን በደቂቃዎች ይጥላል፤ ሊያወጣው የሚገባውም አብሮ ይወድቃል። ያ ሥራ የባለሙያ ነው። ክበቡ ቦታውን አመልክቶ ይለፍ።

አንዳንድ ቤቶች የመጸዳጃ ቤት ፍሳሻቸውን ወደ ቦዩ ለቅቀዋል። ይህን መሸሸግ አይጠቅምም፤ ሽታው ራሱ ይናገራል። ስለዚህ ቦት ጫማና ወፍራም ጓንት የሌለው ልጅ አካፋ አይይዝም፣ ባሬላ ይሸከም ወይም ፕላስቲኩን ከሩቅ በእንጨት ይልቀም። ስብርባሪ ጠርሙስና መርፌ አይጠፋም። የተቆረጠ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ የቴታነስ ክትባት ያስፈልገው እንደሆነ እዚያ ይነገረዋል። መርፌ የወጋው ከሆነ ደግሞ ሰዓት ሳይቆጥር ይሂድ። ጭቃው ለጓሮ ጎመን ማዳበሪያ እንዲሆን የሚጠይቅ ጎረቤት አይጠፋም፤ በዚሁ ፍሳሽ የተነሳ መልሱ አይሆንም ነው።

በአራተኛው ቅዳሜ ሙከራው ይደረጋል። አምስት ስድስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከላይ በኩል ባንድ ጊዜ ማፍሰስና ውሃውን ተከትሎ መውረድ ነው። ውሃው ቆሞ የሚቀርበት ቦታ ወይ ደለል ተርፎበታል፣ ወይ ቦዩ ራሱ ሲሠራ ተዳፋቱ ተበላሽቷል። ደለል ከሆነ በአካፋ ይወጣል። ተዳፋቱ ከሆነ ግን የክበቡ ጉልበት አያስተካክለውም፤ ፎቶ አንስቶ፣ ቦታውን ጽፎ ለወረዳው ማስገባት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው በየሁለት ሳምንቱ ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክ መልቀም ሲሆን፣ ለዚህ ሁለት ሰውና አንድ ማዳበሪያ ይበቃል። በየትኛው ሳምንት ማን እንደሚወጣ ግን በስም ተጽፎ ይለጠፍ። «ሁላችንም» የተባለ ሥራ የማንም ሳይሆን ይቀራል።

የሐምሌው ሥራ ንባብ ነው። ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ክፍሎቹ ባዶ ይሆናሉ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ወደ ሰፈር ይመለሳሉ። የክረምት ማጠናከሪያ የሚያስተምሩ ክበቦች ብዙ ናቸው፤ አብዛኞቹ ግን የሚመጣውን ዓመት የሒሳብና የእንግሊዝኛ ምዕራፍ አስቀድመው ያስተምራሉ። ጎበዙ ልጅ ይጠቀማል። አራተኛ ክፍል ደርሶ አንድ አንቀጽ ማንበብ ያቃተው ልጅ ግን እዚያም ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይውላል። እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ለዚህ ልጅ ነው።

እሱን ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ማንበብ አለመቻሉን መደበቅ ተምሯል። «ሀ ሁ ሂ» በሉ ቢባል በዜማ እስከ መጨረሻው ይወርደዋል። ፊደሉን ከተራው አውጥታችሁ ለብቻው ብታሳዩት ግን ከራሱ ከ«ሀ» ጀምሮ በልቡ እየቆጠረ ሲደርስበት ታዩታላችሁ። ስለዚህ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጁ፦ አሥር የተበታተኑ ፊደላት፣ አሥር የሚታወቁ ቃላት፣ ሦስት ዐረፍተ ነገር ያለው አንቀጽ፣ ከዚያ የአሥር መስመር ተረት። እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው፣ ሌሎች ሳይሰሙ አስነብቡት። አምስት ደቂቃ ይበቃል። በክፍሉ ሳይሆን በቆመበት ደረጃ መድቡት። ይህን አካሄድ በሰፊው ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ በሙምባይ የተመሠረተው ፕራታም የተባለ የሕንድ ድርጅት ነው፤ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶችን ይዞ የሚሠራ በመሆኑም ለክበብ የሚመች ነው።

እዚህ ላይ የሚያደናቅፈው ሀፍረት ነው። የስድስተኛ ክፍሉ ልጅ ከሁለተኛ ክፍል ልጅ ጎን ተቀምጦ ፊደል አይለይም፤ በማግሥቱ ይቀራል። ትልልቆቹን በሌላ ሰዓት ለብቻቸው ጥሯቸው። ቡድኑንም «የፊደል ክፍል» አትበሉት፣ የወፍ ወይም የወንዝ ስም ስጡት።

የአማርኛ ንባብ የራሱ መሰናክል አለው። ጽሕፈታችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «አለ» ተናገረ ነው ወይስ ኖረ? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ ያልደረሰ ነገር? ፊደል በፊደል የሚያነብ ልጅ ቃሉን ጨርሶም አያውቀውም፤ ትርጉሙን ካላወቀ በትክክል አይጠራውምና። ስለዚህ ቃሉን አንዴ ቆራርጦ ካነበበው በኋላ መልሶ በአንድ ትንፋሽ ይበለው፣ ከዚያ ዐረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ይድገመው። አስተማሪው ቶሎ ብሎ ቃሉን አይንገረው፤ በልቡ እስከ አምስት ይቁጠርና ይጠብቅ። ትዕግሥት የሌለው ጎበዝ ተማሪ እዚህ ላይ ደካማ አስተማሪ ሆኖ ይገኛል።

ለአንድ አስተማሪ ከስምንት ልጅ አይብለጥ፤ በቀን አንድ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለስድስት ሳምንት። የሚያስፈልገው ጠመኔ፣ ወረቀትና ከትምህርት ቤቱ የሚዋሱት የዝቅተኛ ክፍሎች መጽሐፍ ነው። አደጋው አስተማሪዎቹ በሁለተኛው ሳምንት መመናመናቸው ነው። አንዱ ሥራ ያገኛል፣ አንዱን ዩኒቨርሲቲው ይጠራዋል። ለእያንዳንዱ ቡድን ሁለት ሰው መድባችሁ በየተራ ካላስተማራችሁ፣ ልጆቹ ዝግ በር ላይ ቆመው ይመለሳሉ፤ ሁለተኛ አይመጡም። በመጨረሻው ሳምንት ያንኑ የመጀመሪያ ቀን ወረቀት አስነብቡ፤ ልጁ በልቡ እንዳይዘው ቃላቱንና ተረቱን ብቻ ቀይሩ። ስንት ልጅ ከየት ወደ የት እንደተሻገረ ለወላጅና ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር በቁጥር ንገሩ። ያልተሻገሩትንም ስማቸውን ስጡ፤ መስከረም ላይ የሚቀበላቸው መምህር ማወቅ አለበት።

ችግኝ መትከልስ? ትከሉ፤ ነገር ግን በኅዳር ውሃ የሚያጠጣው ሰው ስሙ ከሐምሌ ካልተጻፈ የምትተክሉትን ቀንሱ። አሥር ችግኝ ለአሥር ቤት ከነኃላፊነቱ የሰጠ ክበብ፣ መቶ ተክሎ ፎቶ ከተነሣው ይበልጥብኛል።

አሁን የክበብ አባል የሆናችሁ ልጆች፣ ስብሰባ ከመጥራታችሁ በፊት ዛሬ ማታ ሜትር ይዛችሁ ወደ ቦዩ ውረዱ፤ ደለሉን ለክታችሁ ቁጥሩን ጻፉት። ነገ ጠዋት ወረዳው ሲከፈት ይዛችሁት ግቡ።