ሳንቲም ዕዳ የለበትም

ትምህርት ቤታችን ግድግዳ ላይ ሚኒ ሚዲያዎች የለጠፉትን አንድ አጭር ልቦለድ አንብቤ ስለተናደድኩ ምሳዬን ትቼ ይህን እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ እዚሁ ይፋት፣ አሊዩ አምባ ውስጥ ነው። አንዲት ልጅ የአንድ ብር ሳንቲም 600 ጊዜ ትወረውራለች። መጀመሪያ አንበሳው ይበዛል፣ ከዚያ ሚዛኑ «እየደረሰበት» ይመጣል፣ መጨረሻ ላይ ልክ 300 ለ300 ይሆናል። ልጅቱም «የትልልቅ ቁጥሮችን ሕግ አገኘሁት!» ብላ ትዘላለች። ከሥሩ የአንድ መምህር ፊርማ አለ።

የጻፈውን ተማሪ አልወቅስም። እንዲያውም ብዕር አለው። ከአንኮበር ቁልቁል የሚወርዱትን አህዮች፣ የአርብ ገበያውን ግርግር ጥሩ አድርጎ ነው የሳለው። የኔ ጠብ ከፈረመው ሰውዬ ጋር ነው። የሒሳብ መምህር ሆኖ ይህን ያሳለፈ ሰው ክፍል ውስጥ ምን እያስተማረ ነው?

1ኛ. ሕጉ «እኩል ይሆናል» አይልም። 600 ጊዜ ወርውረህ ልክ 300 አንበሳ የማግኘት ዕድልህ ከ100 ወደ 3 ገደማ ነው። 10 ጊዜ ብቻ ብትወረውር ግን 5 ለ5 የመውጣቱ ዕድል ከ100 ወደ 25 ይጠጋል። ማለትም ውርወራው በበዛ ቁጥር ልክ ለልክ የመሆን ዕድሉ ይቀንሳል። ታሪኩ ያለው ተቃራኒውን ነው።

2ኛ. ሚዛን አንበሳን ሊደርስበትም ላይደርስበትም ይችላል፤ እንዲደርስበት ሕጉ አያስገድደውም። ሕጉ የሚናገረው ስለ ድርሻ ነው፤ ከጠቅላላው ውስጥ አንበሳው በመቶ ስንት እጅ እንደያዘ። ስለ ልዩነቱ፣ አንዱ ሌላውን በስንት እንደበለጠ፣ ምንም ቃል አልገባም። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ሕጉን ገና አልተረዳም ማለት ነው።

ታሪኩ እንዴት መሆን እንደነበረበት እኔ ልንገራችሁ። ልጅቱም አሊዩ አምባም ባሉበት ይሁኑ።

ልጅቱና ታናሽ ወንድሟ ማታ ማታ ጀሪካን ይዞ የሚወርደውን የሚለዩት በሳንቲም ነው። አንበሳ ከወጣ እሱ፣ ሚዛን ከወጣ እሷ። አንድ ሰሞን አራት ማታ በተከታታይ አንበሳ ወጣበት። በአምስተኛው ማታ ልጁ እየሳቀ መጣ፦ «እትዬ፣ ዛሬስ የሚዛን ተራ ነው። ጀሪካኑን አዘጋጂ።» ወረወሩ። አንበሳ! ልጁ «አጭበርብረሻል» ብሎ አለቀሰ። እናታቸው ሁለቱንም ተቆጥታ ላከቻቸው።

ልጅቱን ግን «ተራ» የሚለው ነገር ከነከናት። ሳንቲሙ ትናንት ምን እንደወጣ በምን ያውቃል? ደብተሯን አወጣችና በየመስመሩ አሥር አሥር እያደረገች መጻፍ ጀመረች፤ አንበሳ «አ»፣ ሚዛን «ሚ»። ከ10 ውርወራ 7 አንበሳ። ከ100፣ 56። ከ400፣ 211። ከ800፣ 413። ከዚያ ጎን ለጎን ሁለት ዓምድ ሠራች። አንደኛው ልዩነቱ ነው፤ 4፣ 12፣ 22፣ 26። ሁለተኛው የአንበሳ ድርሻ በመቶ ነው፤ 70፣ 56፣ 52.75፣ 51.6 ገደማ። አንዱ ዓምድ ወደ ላይ፣ ሌላው ወደ 50።

ግኝቱ ይኸው ነው፤ የተሳሳተች መስሏት ሦስት ጊዜ ደገመችው። ልዩነቱ እየሰፋ ድርሻው እንዴት ወደ ግማሽ ይጠጋል? መልሱ ማካፈል ላይ ነው። 4 ለ10 ሲካፈል ብዙ ነው፤ 26 ለ800 ሲካፈል ግን ትንሽ ነው። አንድ እፍኝ ጨው ጣሳ ውሃ ውስጥ ሲጨመርና ሮቶ ውስጥ ሲጨመር አንድ አይደለም። ሮቶው ውስጥ ያለውን ጨው ማንም አላወጣውም፣ በውሃው ብዛት ግን አይቀመስም። የመጀመሪያዎቹ ትርፍ አንበሶችም ማንም አልመለሳቸውም፤ ከኋላ የመጣው ብዛት ዋጣቸው።

ቀጥላ የወንድሟን «ተራ» መረመረች። አራት አንበሳ በተከታታይ የወጣባቸውን ቦታዎች ደብተሯ ላይ ፈልጋ ከሥራቸው አሰመረች፤ 54 ሆኑ። ከእነሱ ቀጥሎ የመጣው 28 ጊዜ አንበሳ፣ 26 ጊዜ ሚዛን ነበር። ወንድሟን ጠርታ አሳየችው። «እና ዛሬ ማን ነው የሚወርደው?» አላት።

ታሪኩ እዚህ ያልቃል። ደብተሩ የልቦለድ ነው፤ ቁጥሩን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እውነተኛው ከፈለጋችሁ የደቡብ አፍሪካው የሒሳብ ሊቅ ጆን ኬሪች አለላችሁ። በ1940 እ.ኤ.አ. ጀርመን ዴንማርክን ስትወር እዚያው ተይዞ ታሰረ፤ በእስር ላይ እያለ ሳንቲም 10,000 ጊዜ ወርውሮ መዘገበ። ከ100 በኋላ 44 ጊዜ ራስ፣ ከ1,000 በኋላ 502፣ ከ10,000 በኋላ 5,067። ልዩነቱን አስሉት፤ 12፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 134። ልዩነቱ እንደፈለገው ይዋዥቃል። ድርሻው ግን 44፣ 50.2፣ 50.67 እያለ ከግማሽ አካባቢ አይርቅም። ያዕቆብ ቤርኑሊ ከሞተ ከ8 ዓመት በኋላ በ1713 እ.ኤ.አ. በታተመው መጽሐፉ ያረጋገጠውም ይህንኑ ድርሻ ነው።

3ኛ... ሦስተኛው የቱ ነበር? አዎ፣ «51.6 ከሆነ ሳንቲሙ ጠማማ ነው» የሚል አይጠፋም። 100ን ለውርወራው ብዛት ካሬ ሥር አካፍሉት። ለ800 ወደ 3.5 ይመጣል። ከ50 እስከዚያ ድረስ ከፍ ዝቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ የልጅቱ 1.6 ስለሆነ ሳንቲሙን የምትከስበት ማስረጃ የላትም። ይህን ክፍተት በአሥር እጥፍ ማጥበብ የሚፈልግ ደግሞ በመቶ እጥፍ ይወርውር። ሕጉ እውነት ነው፣ ግን ቀርፋፋ ነው።

ይህን ያህል የምጮኸው ለሳንቲም ብዬ እንዳይመስላችሁ። ተማሪዎቼ ከትምህርት መልስ ቤቲንግ ቤት ናቸው። ትኬት ይዘው የሚያወሩት ያንኑ የትንሹን ልጅ ወሬ ነው፤ «አምስት ጊዜ ተበልቻለሁ፣ አሁን ተራዬ ነው።» ተራ የለህም ወንድሜ! በሁለቱም በኩል እኩል ዕድል ያለው ውርርድ 1.85 ይከፍላል እንበል። 100 ብር ስታስይዝ በአማካይ የሚመለስልህ 92 ብር ከ50 ነው። አንተ ዛሬ ልትበላ ትችላለህ። አቋማሪው ግን ብዙ ሺህ ትኬት ስለሚቆርጥ ዕድል አያስፈልገውም፤ የትልልቅ ቁጥሮች ሕግ የሚሠራው ለእሱ ነው። አንተ ተራህን እየጠበቅክ እሱ 7 ብር ከ50ውን ይሰበስባል።

እኛስ ምን እናደርጋለን? በቀደም አንድ ሥልጠና ላይ ሙሉ ቀን ስለ ዕቅድ ፎርማት፣ ስለ ዓምዱ ስፋት ሁሉ ተነገረን። አንድም ሰው ሳንቲም ከኪሱ አላወጣም። ዕድልን «አንድ ሁለተኛ» ብለን ሰሌዳ ላይ ጽፈን እናልፋለን። ልጁ የቀረውን ቤቲንግ ቤት ይማራል፣ ያውም በገንዘቡ።

የሒሳብ መምህራን፣ አንድ ክፍለ ጊዜ ስጡት። 50 ተማሪ ካላችሁ እያንዳንዱ 20 ጊዜ ይወርውር፤ 1,000 ይሞላል። በየረድፉ እየደመራችሁ ልዩነቱንና ድርሻውን በሁለት ዓምድ ጻፉና ውጤቱን እዚህ ላኩልኝ። ልክ 500 ለ500 የሚልክ ክፍል ከመቶ ሁለት ወይ ሦስት ቢሆን ነው። ሁላችሁም እሱን ከላካችሁ ግን እንዳልወረወራችሁ አውቃለሁ።